ግንባር ጥግ የወጣ ሽበትና 5 ቁጥር ቀለም

ደንበኛዬ 37 ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ይደርሳል። ርዝመቱ ሪላክሰር የተደረገ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል የራሷ ከርዳዳ ፀጉር በቅሏል። ሽበቱ በግንባሯ ግራና ቀኝ ጥግ ተሰብስቧል፤ ፀጉሯን የምትከፍልበት መስመር ላይም ጣል ጣል ብሏል። ጭንቅላቷን በሙሉ ብታዩት ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም። ግን የወጣበት ቦታ ክፉ ነው። ወደ ኋላ ባሰረችው ቁጥር መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፣ ሥራዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ነው።

«እህቴ፣ ጥቁር አድርጊልኝ በቃ፤ እንዳይታይ» አለችኝ።

ፀጉር ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንሰማ ነው የኖርነው። እዚህ አዲስ አበባ ሽበት ሲባል መልሱ ጥቁር ነው፤ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሁለት ፀጉርም ይሁን ግማሽ ራስ። የእሷን ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥኩት ጥቁሩን አስቀድማ ሞክራው ስለነበር ነው። ምን እንደሚያመጣ ፀጉሯ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ነገር ስታደርግ ቆይታለች። አንደኛው መንቀል ነው። አንድ ሽበት ሲነቀል ሰባት ያበቅላል የሚባለው ውሸት ነው፤ ከአንድ ቀዳዳ የሚበቅለው ያው ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የተነቀለው ተመልሶ ሲበቅል አጭር ይሆናል፣ አጭሩ ደግሞ ከሌላው ጋር አይተኛም፤ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግንባሯ ጥግ ላይ እንደዚህ የቆሙ ነጫጭ ፀጉሮች ነበሩ፣ ከረጅሞቹ ሽበቶች ይልቅ የሚያሳብቁት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ያ ቦታ በሹሩባም የሚጎተት ቦታ ነው። እየነቀሉ እየጎተቱ ከሄዱ ሽበቱ ብቻ ሳይሆን ፀጉሩም መብቀል ሊያቆም ይችላል።

ሁለተኛው በትንሽ ፓኬት የሚሸጠው ጥቁር ቀለም ነው። ቤቷ ሆና በጥርስ ብሩሽ ስትቀባው ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነው፤ ምንም ነጭ አይታይም። ፀጉር ግን በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ያድጋል። ወሩ ሲያልቅ ከሥሩ ነጭ፣ ከዚያ በላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር፤ በመሃላቸው ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ድንበር። ሽበቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ተበታትኖ ነው የሚታየው። ጥቁሩ ሲሰለፍ ሽበቱንም አሰለፈው። እሷም መስመሩን ለማጥፋት በየሦስት ሳምንቱ ትቀባለች፤ በቀባች ቁጥር አሮጌው ቀለም ላይ ሌላ ጥቁር ይደረባል። እኔ ጋ ስትመጣ ግንባሯ ጥግ ያለው ፀጉር ከሌላው ፀጉሯ ይልቅ ጠቁሮ፣ ብርሃን የማይመልስ ደረቅ እራፊ መስሎ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የእኛ ፀጉር ጥቁር ነው እንላለን እንጂ አብዛኛው ጥቁር አይደለም። ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ እዩት፤ በጣም የጠቆረ ቡናማ ነው። ፀጉር ሠሪዎች ከ1 እስከ 10 ባለው ደረጃ ነው የምንለካው፤ 1 ጥቁር፣ 10 በጣም ብሩህ ቢጫ። የደንበኛዬ የራሷ ፀጉር 3 አካባቢ ነው። የፓኬቱ ቀለም ደግሞ 1። ስለዚህ ቀለሙ ከሽበቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሷ ፀጉር ጋርም አልገጠመም።

ያቀረብኩላት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሽበቱን አንደብቀው፣ እናደብዝዘው። ነጩን ፀጉር ቡናማ ካደረግነው ከጥቁሩ መሃል ቀጭን የብርሃን ጭረት ይመስላል። ሆን ተብሎ የተሠራ ሃይላይት የሚመስልበት ጊዜም አለ። ከሥሩ ሲያድግም ከነጭ ወደ ቡናማ የሚሄደው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ መስመር አይሠራም። ቀለሙም ራሱ ቀስ እያለ በእጥበት ይለቃል እንጂ እስኪቆረጥ ድረስ አይቆይም።

«ቡናማ? እኔ?» አለች። ፀጉሯ በሙሉ ቡናማ የሚሆን መስሏታል። አይሆንም፤ ምክንያቱ ደግሞ በቀለሙ ዓይነት ላይ ነው።

በገበያ ላይ ያለው ቀለም በጥቅሉ ሦስት ነው። ሰሚ ፐርማነንት የሚባለው ከምንም ጋር ሳይቀላቀል የሚቀባ ነው፤ ፀጉሩን ከላይ ያለብሰዋል፣ በጥቂት እጥበት ይሄዳል፤ ጠንካራ ሽበት ላይ ብዙም አይዝም። ፐርማነንት አሞኒያ አለው፣ ብዙውን ጊዜ 6 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ፐርኦክሳይድ ካለው ዴቨሎፐር ከሚባል ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ የፀጉሩን የራሱን ቀለም አንስቶ አዲስ ያስገባል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ የለም። መሃል ላይ ያለው ዴሚ ፐርማነንት ነው። ዴቨሎፐሩ ደካማ ነው፤ እኔ የተጠቀምኩበት 1.9 በመቶ ነው። ይህ ቀለሙን ወደ ፀጉሩ ለማስገባት ይበቃል፣ ጥቁሩን ፀጉር ለማንሳት ግን አቅም የለውም። ስለዚህ 5 ቁጥር ቡናማ ስትቀቡበት ጥቁሩ ላይ ምንም አይታይም፣ ነጩ ላይ ብቻ ይታያል። ጨዋታው በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «አሞኒያ የሌለው» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ አትግዙ። አሞኒያ ሳይኖረው በሌላ ነገር የሚሠራ ፐርማነንት ቀለም ሞልቷል። ማየት ያለባችሁ አብሮት የሚመጣው ዴቨሎፐር ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። ከ3 በላይ ከሆነ ዴሚ ብለው ቢሸጡላችሁም እኔ አልቀባውም።

የዚያን ቀን ግን ምንም አልቀባኋትም። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፤ «ለሠርግ እጅሽን ጥቁር ሂና ተቀብተሽ ያውቃል? አሳክኮሽ ነበር?»

ይህን የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። እውነተኛው ሂና ብርቱካናማና ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይሆንም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠቁረው ሂና ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተጨመረበት ነው፤ የሚጨመረው ፒፒዲ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። እሱ ቆዳን አንዴ ካስቆጣ ሰውነት አይረሳውም። ከዓመታት በኋላ ያ ሰው ፀጉሩን ሲቀባ ፊቱ ሊያብጥ፣ ዓይኑ ሊደፈን ይችላል። ዴሚ ፐርማነንትም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ወይ ፒፒዲ ራሱ ወይ የቅርብ ዘመዱ አለበት፣ ጥቁር እየሆነ በሄደ ቁጥር ደግሞ መጠኑ ይጨምራል። እሷ ሂና ተቀብታ ታውቃለች፣ አላሳከካትም። ቢሆንም ከጆሮዋ ጀርባ ጠብታ ታህል ቀለም ቀብቼ አሰናበትኳት፤ 48 ሰዓት ሳይሞላ ራስ ላይ አይወጣም። ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም ቢያሳክካት ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር። ብዙ ደንበኛ በዚህ ቀጠሮ ይናደዳል። ይናደድ።

ያን ቀን ሌላም ነገር አደረግሁ። ጥቁር ከተቀባው ፀጉሯ ጥቂት ክር ቆርጬ ዴቨሎፐር ውስጥ ነክሬ ግማሽ ሰዓት ተውኩት። አንዳንድ የፓኬት ቀለሞችና ሂና ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶች የብረት ጨው አለባቸው፣ እነዚህ ከዴቨሎፐር ጋር ሲገናኙ ይሞቃሉ፣ አረፋ ያወጣሉ፣ ፀጉሩን ይበጣጥሱታል። የእሷ ዝም አለ። ያልተፈተነ ቢሆን ኖሮ ራሷ ላይ ሊሆን የሚችለውን ማሰብ አልፈልግም።

ሪላክሰር ያደረገችው ከሁለት ወር በፊት ስለነበር በዚያ በኩል ችግር አልነበረም። በአንድ ቀን ሪላክሰርና ቀለም የሚያጋጥም ሰው ግን አለ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይራራቁ።

በቀጠሮዋ ቀን ስትመጣ ፀጉሯ ታጥቦ ቅባት የሌለው እንዲሆን ነግሬያት ነበር። ቅቤ ወይም ዘይት የጠጣ ፀጉር ቀለሙን አያስገባም፤ በተለይ ነጩ ፀጉር ገጹ የተዘጋ ስለሆነ ትንሽ ቅባት ካገኘ ቀለሙ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል።

ቁጥሩን እንዲህ መረጥኩ። የራሷ 3 ነው፤ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ወጣሁ፣ 5። ለምን 4 አይሆንም? 4ም ይሆናል፣ ሽበቱ ግን አጭርና የቆመ ስለነበር ጠቆር ያለ ቀለም ነጥብ ነጥብ መስሎ እንዳይታይ ፈራሁ። ዋናው ጥንቃቄ ግን የቁጥሩ ሳይሆን የቀለሙ ጠባይ ነው። ነጭ ፀጉር ውስጡ ምንም ቀለም የለውም፤ ያስገባችሁትን ያንኑ ያሳያችኋል። ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ 5 ካስገባችሁ ብርቱካናማ ይወጣል፣ ከሩቅ ደግሞ በሂና የተቀባ ይመስላል። አመዳማው ብቻውን ከገባ ደግሞ ጭቃ ይመስላል፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ቢጤ። እኔ ሁለት እጅ መደበኛውን 5.0 እና አንድ እጅ አመዳማውን 5.1 ቀላቀልኩ። በሚዛን 10 ግራምና 5 ግራም፤ ላዩ ላይ 30 ግራም ዴቨሎፐር። ይህ ከአንድ ቱቦ ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ለሁለቱ ጥግና ለመክፈያው መስመር ተርፏል። (አንድ ለሁለት የእኔ ቀለም ምጣኔ ነው፤ የእናንተ ሳጥን አንድ ለአንድ ተኩል ካለ ሳጥኑን ስሙ። የተረፈውን ደግሞ ለሚቀጥለው ብላችሁ አታስቀምጡ፤ ከተቀላቀለ በኋላ ይሞታል።)

ፀጉሩ ደረቅ እያለ፣ የፀጉሩን መነሻ ቆዳና ጆሮዋን ቫዝሊን ቀባሁ። ቫዝሊኑ ፀጉሩን እንዳይነካ በጥጥ ጫፍ ነው የተቀባው፣ ከነካው እዚያ ቦታ ላይ ቀለም አይዝም። ከግራው ጥግ ጀመርኩ፤ ሽበት ከሁሉ የሚያስቸግረው ግንባር አካባቢ ስለሆነ ረጅሙን ጊዜ ለእሱ መስጠት ይሻላል። የመክፈያውን መስመር መጨረሻ ላይ ቀባሁት። በጠባብ ብሩሽ፣ ሽበቱ ያለበትን ብቻ እየለቀምኩ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል። ወደ ርዝመቱ አላወረድኩትም። ሪላክሰር የነካው ፀጉር እንደ ስፖንጅ ነው፤ ቀለም ካገኘ ከሚገባው በላይ ይጠጣና ይጠቁራል።

አሥር ደቂቃ ሲሞላ በእርጥብ ጥጥ ከግራ በኩል ጥቂት ፀጉር ጠርጌ አየሁ። ረጅሞቹ ሽበቶች ቆንጆ ደረቅ የትምባሆ ቅጠል ቀለም ይዘዋል። በቀኝ በኩል ያሉት የቆሙት አጫጭሮች ግን ገና ነጭ ነበሩ፣ ጫፋቸው ብቻ ነው የደበዘዘው። እንደዚህ ዓይነቱን ፀጉር በጣታችሁ ብታሹት ከሌላው ወፈር ብሎ ይሻክራል፤ ቀለም ለመቀበል ግትር ነው። እነዚያን ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ጨምሬ በብሩሹ ጀርባ ወደ ታች ተጫንኳቸው። ሌላውን በ15ኛው ደቂቃ አጠብኩት፣ ቀኙን እስከ 20። ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም። ዴሚ ቀለም እየቆየ ሲሄድ ብሩህነቱ ይጠፋና ይጠቁራል፤ የተለሳለሰው ነገር ተመልሶ የተቀባ ይመስላል።

ለብ ባለ ውሃ፣ ውሃው ጥርት እስኪል፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ለስላሳ ሻምፑ። ፎን ከተደረገች በኋላ መስኮት አጠገብ አቆምኳት። የፀጉር ቤት አምፖል ይዋሻል፣ ቀለም በቀን ብርሃን ነው የሚታየው። ሽበቱ አልጠፋም። ጠጋ ብሎ የፈለገ ሰው ያገኘዋል። ከአንድ ክንድ ርቀት ግን ግንባሯ ጥግ ላይ ቀለል ያለ ቡናማ ነው ያለው፣ ነጭ ነጥብ የለም። ከቆሙት አጫጭሮች ጥቂቶቹ ቀለሙን በግማሽ ብቻ ይዘው ቀርተዋል።

አሮጌው ጥቁር እራፊ ግን እዚያው ነው። ይህን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ቀለም ቀለምን አያነሳም፤ 1 ላይ 5 ብትቀቡ 1 ነው የሚሆነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው በብሊች ነው፣ ሪላክሰር ያለበት ፀጉር ላይ ብሊች ማድረግ ደግሞ ፀጉሩን መሰናበት ነው። ስለዚህ ምርጫው እያደገ ሲወርድ በየጊዜው ጫፉን መቁረጥ ነው። ይሄ ወራት ይፈጃል፣ አጭር መንገድ የለውም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ «ቀልቷል» አለች። እውነትም ነው። ቡናማው ወደ መዳብ ሄዷል። ምን እንዳደረገች ጠየቅኳት፤ በመካከሉ ቅቤ ተቀብታ ነበር። ቅቤው ራሱ ቀለሙን አላጠፋውም፤ እሱን ለማስለቀቅ በሙቅ ውሃና በጠንካራ ሻምፑ ሦስት አራት ጊዜ መታጠቧ ነው ያጠፋው። አንድ የቅቤ እጥበት ማለት የብዙ ሳምንት እጥበት ነው። በዚያ ላይ በየሁለት ቀኑ ካውያ ትጠቀማለች፤ ሙቀት ደግሞ አመዳማውን ቀድሞ ያበርረዋል፣ ቀዩ ይቀራል። ዴሚ ቀለም በሳጥኑ ላይ 20 ምናምን እጥበት ይቆያል ቢልም ያ እጥበት እንዲህ ዓይነቱን አይቆጥርም። አሁን ቅቤውን ከቀለሙ በፊት ባለው ሳምንት ትቀባዋለች፣ ከዚያ ታጥባ ትመጣለች። ለማደስ እንደገና 5 ነው፣ ግን ግማሹ አመዳማ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። ከሥሩ የበቀለውን ለማየት ግን መነጽር ያስፈልግ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም፤ መስመር የለም።

ወንድሟ ይህን አይቶ ጺሙን ይዞ መጣ። ጺም ሌላ ፍጥረት ነው። ፀጉሩ ወፍራም ነው፣ ፊት ላይ ስላለም ሁሉም ሰው ያየዋል። ለወንድ ትልቁ ስህተት ጺሙን ከጆሮ እስከ ጆሮ አንድ ዓይነት ጥቁር ማድረግ ነው፤ በከሰል የተሳለ ይመስላል። ለእሱ 4 ቁጥር፣ አምስት ደቂቃ፣ እሱም በአሮጌ ማስካራ ብሩሽ ላይ ላዩን ብቻ፣ ቆዳውን ሳይነካ። አገጩ ላይ ካለው ሽበት ግማሹን ሆን ብዬ ተውኩት። በሁለተኛው ሳምንት ነጩ ከሥር ብቅ ብቅ ማለቱ አይቀርም፤ እንዲያ ሲል ከተተወው ጋር ይቀላቀላል። በራስ ፀጉሩ ላይ ግን ምንም አላደረግሁም። በየሁለት ሳምንቱ ጎኑን የሚያሳጥር ሰው ቀለሙን ፀጉር አስተካካዩ መሬት ላይ ይጥልለታል፣ ገንዘብ ማባከን ነው። የአለርጂ ፈተናውን እሱም አድርጓል፤ ፊት ላይ የሚወጣ እብጠት ራስ ላይ ከሚወጣው የባሰ ነው።

ደንበኛዬ አሁን በየስድስት ሳምንቱ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትዘላለች፣ ስትዘልም የሚደርስባት ነገር የለም። መንቀሉን ትታለች፤ የቆሙት ፀጉሮች ረዝመው መተኛት ጀምረዋል። እስከ መቼ ይሠራል ብላ ስትጠይቀኝ የነገርኳት ይህን ነው፤ ሽበቱ ከሲሶ እስካላለፈ ድረስ። ግማሽ ሲጠጋ ጥቁሩ ፀጉር አብላጫ መሆኑ ይቀርና ቡናማው ራሱ ዋና ቀለም ይሆናል፣ ያኔ ወይ ሙሉ ቀለም ነው ወይ ደግሞ መተው ነው።